ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ፍራፍሬ አስተጣጠብ፦ አቼቶው፣ ጨውና ሳሙናው ይጠቅማሉ?

ጾም ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። "ሰላጣው ላይ ስንት ማንኪያ አቼቶ ላድርግ?" አንዷ አቼቶ ትላለች፣ ሌላዋ ጨው። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ባለፈው ዓመት በኩራት "ልጄ፣ እኔ እኮ በዕቃ ሳሙና ነው የማጥበው፤ ጥርት ነው የሚለው" አሉኝ። የሚጠይቁኝ ለብዙ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሰገራ ስመረምር ስለኖርኩ ነው። ሰላጣው ላይ የነበረው ነገር መጨረሻ የሚገኘው እኔ ዘንድ ነበር። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው። ሥራውን የሚሠሩት ውሃ፣ እጅና ትዕግሥት ናቸው። ጨው ትል ያስወጣል፤ ጀርም አይገድልም። አቼቶ እንደሚታሰበው አይደለም፤ በተለይ በማንኪያ ሲሆን ከንቱ ነው። ሳሙና ለእጃችሁ እንጂ ለሰላጣው አይሆንም። ከሚጨመሩት ውስጥ በትክክል ከተለካ ባክቴሪያን የሚቀንሰው በረኪና ነው፤ እሱም የወስፋት እንቁላልን አይነካም።

ምን እያጠብን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ሰላጣ ብዙው የሚበቅለው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። ወንዙ ከከተማው የሚወጣውን ፍሳሽ ይዞ ይሄዳል፤ ሰላጣው የሚጠጣውም ያ ውሃ ነው። ከማሳው ወደ አትክልት ተራ፣ ከዚያ ወደ ጉሊት ይሄዳል። ጉሊት ላይ ደግሞ እንዳይጠወልግ ውሃ ይረጩበታል፤ የዚያን ውሃ ምንጭ ማን ይጠይቃል?

ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይኖራል። አንደኛው አፈርና አሸዋ ነው። ሁለተኛው ታይፎይድንና ተቅማጥን የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሦስተኛው እንደ ወስፋት ያሉ ትሎች እንቁላል፣ እንዲሁም አሜባና ጃርዲያ በጠንካራ ቅርፊታቸው ተሸፍነው ነው።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም፤ ሃያው ቢደረደር አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። የላይኛው ሽፋኑ ይጣበቃል፤ ቅጠል ላይ ሲያርፍ እንደ ማስቲካ ይይዛል። ውሃ ውስጥ ብቻ ብትዘፈዝፉት ንቅንቅ አይልም። በጣት መታሸት አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አራት ሊትር ገደማ የሚይዝ ሳፋ ወይም ጎድጓዳ ሳህን፤ ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ሥሩ ላይ የቀረው አሸዋ ይታያል
- ማጥለያ
- ጆግ (ቧንቧው ሲጠፋ)
- ከ15 እስከ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ
- ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ሁለት ሊትር ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውሃ
- የእጅ ሳሙና
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ
- ለቲማቲምና ለካሮት ለስለስ ያለ ብሩሽ (ካለ)
- ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና (ከፈለጋችሁ ብቻ)

የሰላጣ አስተጣጠብ

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳፋውን፣ መክተፊያውንና ቢላዋውንም ጭምር። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ የታጠበ ሰላጣ ማስቀመጥ ሳያጥቡ ከመብላት አይሻልም። ሳሙናው የሚገባበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

2. ሥሩን ቆርጣችሁ ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያዩ። የውጪዎቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች፣ የተቀደደውንና የበሰበሰውን ጣሉ። ከአፈርና ከሰው እጅ ጋር በብዛት የተነካካው የውጪው ነው። እስሩን ሳይፈቱ ማጠብ ደግሞ ትርፉ ድካም ነው፤ አፈሩ የሚከማቸው ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በዚህ ደረጃ አትክተፉት። ተከትፎ የሚታጠብ ሰላጣ በተቆረጠው ጠርዙ በኩል ቆሻሻውን ውሃ ይስባል።

3. ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አወዛውዙ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ይህ ውሃ ለአፈሩ ብቻ ነው።

4. ቅጠሉን ከውሃው አውጡት እንጂ ውሃውን ከቅጠሉ ላይ አትድፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሸዋውም የወስፋት እንቁላሉም ከውሃ ይከብዳሉ፤ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሳፋውን ማጥለያ ላይ ስትገለብጡት ሥሩ የተቀመጠው ሁሉ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈስሳል። ቅጠሉን በእጅ እያነሳችሁ ማጥለያው ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ውሃውን ድፉ፣ ሳፋውን አለቅልቁ።

5. እያንዳንዱን ቅጠል በሚወርድ ውሃ ሥር እሹ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በተለይ ደንዳናውን ግርጌ። ለአንድ ቅጠል ከአምስት እስከ አስር ሰኮንድ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ ያፍስስ፣ ሌላው ይሽ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ እጃቸውን አስታጥቧቸው። የሚጣበቀውን እንቁላል የሚያስለቅቀው ይህ መታሸት ነው። ጊዜ አጥሯችሁ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህንኑ ሥሩ።

6. እንደገና በአዲስ ውሃ ንከሩ፤ አሸዋው እስኪጠፋ ድገሙ። መጨረሱን በምን ታውቃላችሁ? ቅጠሉን ካወጣችሁ በኋላ ውሃውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ጣታችሁን ሳፋው ሥር ላይ አንሸራቱ። ከከሰከሰ አልጨረሳችሁም። ከባዱ አሸዋ ገና ካልለቀቀ፣ የማይታየው ነገር ለቅቋል ማለት አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ውሃ ይፈልጋል።

7. በመጨረሻ በታመነ ውሃ አለቅልቁ። ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ወይም በጀሪካን የመጣ ውሃ ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይሆናል። የመጨረሻው ግን ሳትፈሩ የምትጠጡት ዓይነት ውሃ ይሁን። ቅጠሉ ላይ ይዞ የሚቀረው እሱ ነውና።

8. አንጠፍጥፉና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ጨርቁ ላይ ዘርግታችሁ ጠቅልሉት፣ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። እርጥብ ቅጠል ላይ የተረፈ ባክቴሪያ ቶሎ ይራባል፤ ደግሞም ዘይትና ሎሚው ስለማይዘው ሰላጣው ውሃ ውሃ ይላል። ወዲያው የማይበላ ከሆነ ፍሪጅ ይግባ።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ፍራፍሬ

እነዚህ ልስልስ ቆዳ ስላላቸው ቶሎ ይጸዳሉ። በሚወርድ ውሃ ሥር በእጅ ወይም በብሩሽ ማሸት ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የቲማቲሙን ቆባና የቃሪያውን እንጨት ከመታጠቡ በፊት አትንቀሉ። ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ክፍት በር ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ትኩስ ቲማቲም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ከነጀርሙ በዚያ ጠባሳ በኩል ይስበዋል። ከገባ በኋላ ማጠብ አይደርስበትም። ስለዚህ ቲማቲምና ማንጎ አትዘፍዝፉ። ውሃውም ከፍሬው ትንሽ ሞቅ ያለ ይሁን፤ ለብ ያለ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የሚላጠውም ይታጠባል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን ሁሉ። "ልጣጩን አልበላው" ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ቢላዋው ቆዳውን አልፎ ሥጋው ውስጥ ሲገባ የነካውን ይዞ ይገባል። የአቮካዶ ቆዳ ሻካራ ስለሆነ ብሩሽ ይፈልጋል። እንጆሪና ወይን ግን በብሩሽ ይፈርሳሉ፤ ማጥለያ ላይ አድርጋችሁ እያገላበጣችሁ ውሃ አውርዱባቸው።

አሁን ወደ አቼቶው እንምጣ

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሱቅ አቼቶ ብዙ ጊዜ አሲዱ 5 በመቶ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ያንን አራት ሊትር ሳፋ ውስጥ ስትጨምሩት አሲዱ ከ0.02 በመቶ በታች ይወርዳል። በዚህ መጠን የሚሞት የለም። ሽታው ግን አለ፤ ሽታው ነው ሥራ የተሠራ የሚያስመስለው።

አቼቶ ባክቴሪያን በትክክል እንዲቀንስ ከተፈለገ ብዙ መሆን አለበት፤ አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ውሃ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ። ለአራት ሊትር ሳፋ አንድ ሙሉ ሊትር አቼቶ ማለት ነው። ዋጋውን እናንተ አስሉት። ቅጠሉም ይጠወልጋል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ሎሚም ያው ነው፤ ሰላጣው ላይ የሚጨመቀው ለጣዕም ነው።

የወስፋት እንቁላልስ? እዚህ ላይ የላብራቶሪ ሰዎች ይስቃሉ። ለምርምር የሚፈለግ የወስፋት እንቁላል ሳይበላሽ እንዲያድግ የሚቀመጠው ቀጠን ባለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነው። አሲዱ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል፤ እንቁላሉ ግን እዚያው ውስጥ ያድጋል። ሰልፈሪክ አሲድ ያልነካውን አቼቶ ምን ያደርገዋል?

ጨው

ጨው አንድ ጥቅም አለው። ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ውስጥ የተደበቁ ትንንሽ ትሎችና ነፍሳት ይለቃሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በአራት ሊትር ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ በደንብ ይታጠባል። ትሏ ስትንሳፈፍ ስለምትታይ ሰው "ጨው ያጸዳል" ይላል። ያጸዳው ግን የሚታየውን ነው።

ባክቴሪያው አይገረምም። አንድ እፍኝ ጨው፣ 50 ግራም ቢሆን፣ በአራት ሊትር ውስጥ ከአንድ በመቶ ብዙም አያልፍም። ሳልሞኔላ ከዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ ጨው ባለበት ምግብ ውስጥም መራባት ይችላል። በላብራቶሪም ጨው እንጠቀማለን፤ በጣም የበዛ ጨው ያለው ውሃ ውስጥ የወስፋት እንቁላል ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በማይክሮስኮፕ ለማየት ይመቻል። እንዲታይ ነው እንጂ እንዲሞት አይደለም።

ሳሙና

ለእትዬ የነገርኳቸውን ልድገም። ቅጠል እንደ ሳህን አይደለም። ቀዳዳና ሽብሽብ አለው፤ ሳሙናው ይገባል፣ አሥር ጊዜ ቢለቀለቅም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የዕቃና የልብስ ሳሙና ደግሞ ለመብላት አልተሠራም። ሲበላ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። "ሰላጣው አመመኝ" የሚል ሰው አንዳንዴ የታመመው ከማጠቢያው ነው። እትዬም "ለካስ ሆዴን የሚቆርጠኝ…" ብለው ዝም አሉ። ጥርት ያለው የመሰላቸው ሳሙናው አፈሩን ስላስለቀቀ ነው፤ ያንን እጅም ይሠራዋል።

በረኪና፦ ከፈለጋችሁ፣ በልክ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ፍሳሽ መስኖ ባወጣው መመሪያ ላይ ግምቱ ግልጽ ነው። በንጹሕ ውሃ ማጠብ ከአሥሩ ጀርም ዘጠኙን ያስወግዳል። በፀረ ጀርም ዘፍዝፎ ማለቅለቅ ከመቶው አንዱን ብቻ ያስቀራል። መላጥም እንዲሁ። ማብሰል ግን ከሚሊዮኑ አንድ ያህል ብቻ ያስቀራል።

እንግዲህ በወንዝ ውሃ ያደገ ሰላጣን ለባክቴሪያው አንድ ደረጃ ልጨምርበት ካላችሁ፣ ከደረጃ 6 በኋላ እንዲህ አድርጉ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ለአራት ሊትር ውሃ። በማንኪያ እንጂ በዓይን አይለካም። ቅጠሉ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በታመነ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ። ከመታጠቡ በፊት በረኪና ውስጥ መንከር ግን አይሠራም፤ ክሎሪኑ ጉልበቱን አፈሩ ላይ ጨርሶ ለጀርሙ አይተርፍም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህን ዝለሉት። እዚያ የጤና ባለሥልጣናቱ ለቤት የሚመክሩት የሚወርድ ውሃ ብቻ ነው፤ በረኪናውንም ሳሙናውንም ይከለክላሉ። በከረጢት ታሽጎ "ታጥቧል፣ ለመብላት ዝግጁ" የሚል ሰላጣ ከሆነም ደግማችሁ አትጠቡት። ፋብሪካው ካጠበው በላይ የኩሽና መታጠቢያችሁ ሊያቆሽሸው ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

- በረኪናና አቼቶ (ወይም ሎሚ) አንድ ሳፋ ውስጥ በፍጹም አይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። "ሁለቱንም ባደርግስ?" የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ ነው ደጋግሜ የምናገረው።
- ሽታ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበት በረኪና ምግብ ላይ አይውልም።
- ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች፣ ምንጩ የማይታወቅ ሰላጣ ጥሬውን ባይበሉ ይሻላል። ለእነሱ የሚላጥ ፍሬ ወይም የበሰለ አትክልት ይቅረብ። ሙቀት የወስፋትን እንቁላልም ይገድላል።
- ከፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ተክሉ የገባ ብረት፣ ወይም ቅጠሉ ውስጥ የሰረገ ፀረ ተባይ በማናቸውም ዓይነት እጥበት አይወጣም። የሚታጠበው ላዩ ላይ ያለው ብቻ ነው። መፍትሔው ከየት እንደመጣ ጠይቆ መግዛት ነው።

አንድ ቀን በቤቴ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ እስር ሰላጣ፣ ሦስት ቲማቲምና አራት ቃሪያ ከጉሊት ገዛሁ። የውጪውን ሦስት ቅጠል ጥዬ አሥራ ስምንት ቀረኝ። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ደከመ ሻይ ቡናማ ሆነ፤ ሥሩ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሆን አሸዋ ነበር። እያንዳንዱን ቅጠል አሸሁ። ሁለተኛው ውሃ ለዓይን ጥሩ ነበር፤ ጣቴን ሳንሸራትት ግን ከሰከሰ። ሦስተኛውም ትንሽ። አንዷ ቅጠል ግርጌዋ ታጥፎ አፈር ይዛ ኖሯል፤ ለብቻዋ አሸኋት። አራተኛው ላይ ጣቴ ተንሸራተተ። ከዚያ አምስት ደቂቃ በረኪና፣ በሁለት ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ማለቅለቅ። ቲማቲሙንና ቃሪያውን በለብታ ውሃ በእጄ አሽቼ ከዚያ ቆባቸውን አነሳሁ። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሦስተኛውንና አራተኛውን ውሃ አልደፋሁትም፤ ለደጃፉ አበባና ለመጸዳጃ ቤት ዋለ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ገዝቶ እንደመጡ ሁሉንም አጥቦ ማስቀመጥ።* እርጥብ ሆኖ የገባ ቅጠል በሁለት ቀን ይሙለጨለጫል። ሊበላ ሲል ይታጠብ፤ ቀድማችሁ ካጠባችሁ ደግሞ ፍጹም ደርቆ ይግባ።

*ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ።* የቆየ የጸዳ ይመስላል። አንድ ቅጠል ላይ የነበረው ግን በውሃው በኩል ለአሥራ ሰባቱ ይዳረሳል።

*ቃሪያውን "ያቃጥላል እኮ፣ ምን ይኖርበታል" ብሎ መተው።* ማቃጠሉ ውስጥ ነው፤ የጉሊቱ አቧራ ውጪ ነው። ስንግ ለመሥራት ስትሰነጥቁት ቢላዋው ወደ ውስጥ ይወስደዋል።

*ቤኪንግ ሶዳን ለጀርም መጠቀም።* ሶዳ ፖም ላይ የቀረ አንዳንድ ፀረ ተባይን ከውሃ በተሻለ ያስለቅቃል፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከተዘፈዘፈ። ጀርም ላይ ግን አትመኑት።

*የታጠበውን ወደመጣበት ፌስታል መመለስ።* ይህን ያየሁት ራሴው ቤት ነው። ግማሽ ሰዓት ያጠብኩትን ሰላጣ ልጄ ጠረጴዛው እንዲጸዳ ብላ ያው አፈር ያለበት ፌስታል ውስጥ ከትታ ጠበቀችኝ። ከአንድ ጀምሬ ደገምኩት።